ቀብድ ያልተከፈለበት «እገዛለሁ»

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ቁጠባዬን በሙሉ ለእንጨት መቁረጫ ማሽን ላወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ እጄን ስለያዘኝ ጉዳይ ነው።

ሐሳቤ የሚታጠፍ የእንጨት ላፕቶፕ ማስቀመጫ ሠርቶ መሸጥ ነበር። አንድ አናጢ 2 ናሙና ሠራልኝና ለ40 ሰዎች አሳየሁ፤ 33ቱ «ብታመርተው እገዛለሁ» አሉኝ። በመልሱ ተደስቼ የማሽን ዋጋ ማጠያየቅ ጀመርኩ። ይሁንና ከ33ቱ አንዱም ከኪሱ ምንም አላወጣም ነበር። ፊቱ ቆሞ በጉጉት የሚጠይቀውን ሰው ማሳዘን የሚወድ የለም፤ «እገዛለሁ» ማለት ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በዚያ ላይ ሰው ወደፊት ስለሚያወጣው ገንዘብ ሲናገር በዚያው ገንዘብ ሊገዛ የሚችለው ሌላ ነገር አይታየውም። ሰዎቹ አልዋሹኝም፤ አስተያየት ጠይቄ የገበያ መልስ ያገኘሁ የመሰለኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወደ 33ቱ ተመልሼ ቁርጥ ዋጋ ነገርኳቸው። የዋጋውን ሲሶ ቀብድ የከፈለ ሰው ዕቃውን በ5 ሳምንት ውስጥ እንደሚረከብ፣ በቂ ትእዛዝ ካልተገኘ ግን ቀብዱ ሳይጎድል እንደሚመለስለት በደረሰኙ ላይ ጻፍኩ። ገንዘቡንም ከራሴ ገንዘብ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ የሰው ቀብድ አስቀድሞ ማጥፋት ሙከራውን ወደ ዕዳ ይለውጠዋልና። ከማንም ቀብድ ከመጠየቄ በፊት ደግሞ በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር አስፍሬ ነበር፤ በ3 ሳምንት ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ቢያንስ 10ሩ ካልከፈሉ በዚህ መልኩ አልቀጥልም። ቁጥሩን አስቀድሜ የጻፍኩት ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ለራሴ ሐሳብ እንደማዳላ ስለማውቅ ነው።

የከፈሉት 5 ናቸው። ከእነርሱም 3ቱ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ስለነበሩ የእነርሱ ገንዘብ ለእኔ ያላቸውን ፍቅር እንጂ የዕቃውን ተፈላጊነት አላሳየኝም። ቀብዱን ለሁሉም መለስኩ።

በዚያ ዙር ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ያልከፈሉት ስለ ቀለሙና ስለ ቅርጹ ብዙ ምክር ሲሰጡኝ፣ የከፈሉት 2 እንግዳ ሰዎች የጠየቁኝ መቼ እንደሚደርስላቸው ብቻ ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን እያመማቸው ከላፕቶፑ ሥር መጻሕፍት ደራርበው ይሠሩ ነበር፤ ማለትም ችግሩን ከእኔ በፊት በራሳቸው መንገድ ለመፍታት ሞክረዋል። ከዚያ በኋላ «ትገዛለህ?» ብሎ መጠየቅን ትቼ «አሁን በምን ላይ አስቀምጠህ ትሠራለህ? ለዚህስ እስካሁን ምን ገዝተሃል?» ማለት ጀመርኩ። ሰው ስለ ነገው ከሚናገረው ይልቅ ትናንት ያደረገው ይበልጥ ይታመናል። በዚህ ጥያቄ መርጬ ካገኘኋቸው 30 ሰዎች 11ዱ ቀብድ ከፈሉ።

ያም ሆኖ ማሽኑን አልገዛሁም። ማስቀመጫዎቹን ያው አናጢ በትእዛዝ ሠራቸው፤ የወሰደው ክፍያ ከመሸጫ ዋጋዬ 5 እጅ 4ቱን ስለነበር የተረፈኝ ትንሽ ነው። ከእኔ በፊትም በዚህ መንገድ የጀመረ ሰው አለ፤ ኒክ ስዊንመርን በኋላ ዛፖስ የተባለውን የበይነመረብ ጫማ መደብር እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀምር በሱቆች ያሉ ጫማዎችን ፎቶ አንሥቶ በድረ ገጽ ይለጥፍ ነበር፤ ትእዛዝ ሲመጣም ጫማውን ከዚያው ሱቅ በመደበኛ ዋጋ ገዝቶ ይልክ ነበር። በእያንዳንዱ ሽያጭ የሚያጣው ገንዘብ መጋዘን ሙሉ ጫማ ገዝቶ ከመክሰር እጅግ ያነሰ ነው። በእርግጥ እንዲህ ያለው ሙከራ ገዢ መኖሩን ያሳያል እንጂ ሥራው አትራፊ መሆኑን አያረጋግጥም።

አትራፊነቱን ለማወቅ ሌላ ስሌት አስፈለገኝ። የማሽኑ ዋጋ ከ60 ማስቀመጫዎች መሸጫ ዋጋ ጋር እኩል ነው። በማሽኑ ባመርት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ግማሹ ስለሚተርፈኝ ማሽኑ ራሱን የሚመልሰው 120 ማስቀመጫዎች ስሸጥ ነው። በ3 ሳምንት 11 እየተሸጠ ቢቀጥል 8 ወር ገደማ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ችግሩ የጸናባቸውና በቀላሉ የሚገኙ ስለሆኑ ፍጥነቱ እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከ11ዱም አንዱ ቀብዱን ትቶ ቀረ።

በሚቀጥሉት 3 ሳምንታት የከፈሉት 6 ብቻ ነበሩ። በዚህ አካሄድ ማሽኑ ራሱን የሚመልሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቁጠባዬን ለዚያን ያህል ጊዜ ለማሰር አልፈቀድኩም። በመጪው ሳምንት ዋጋውን በአንድ አምስተኛ ጨምሬ ለአዲስ 30 ሰዎች አቀርባለሁ። የሚከፍሉት ከ6 ካላነሱ ስሌቱን እንደገና እሠራለሁ፤ እስከዚያው ሥራው በአናጢው እጅ ይቆያል።