የትኛው መስመር ይደበቅ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከእህቴ ልጅ ጋር ስለምንሠራባቸው የሒሳብ ካርዶች ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ነች።

ካርዱ እንዲህ ነው። አንድ እስከ መጨረሻው የተሠራ ጥያቄ እወስዳለሁ። በፊት ለፊቱ እስካሁን የተሠራውን እጽፋለሁ፤ በጀርባው ቀጣዩን መስመር ከነምክንያቱ። እሷ ሳትገለብጥ መስመሩን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረገችም ትነግረኛለች። ከዚያ ገልብጣ ታያለች።

ከባዱ ነገር የቱን መስመር እንደምንደብቅ መምረጡ ነው። ይህን እንይ፦

(x + 3)/2 − (x − 1)/3 = 4

የመጀመሪያው ካርድ የሚያሳየው ይህን ብቻ ነው። ጀርባው ሁሉንም በ6 አባዝቶ 3(x + 3) − 2(x − 1) = 24 ይላል። እዚህ ጋ ብዙ ልጅ ግራውን ያባዛና በቀኝ ያለውን 4 ይረሳዋል። ሁለተኛው ካርድ ሁለቱንም መስመሮች አሳይቶ ቅንፉን ፍቺ ይላታል። መልሱ 3x + 9 − 2x + 2 = 24 ነው። ከቅንፉ ፊት ያለውን ማይነስ የዘነጋ + 2 በሚለው ቦታ − 2 ይጽፋል። ያለ ካርድ ቢሆን ያቺ ስህተት ሳትታይ አብራ ትወርድና መጨረሻ ላይ x = 17 ይወጣል። ትክክለኛው 13 ነው። 17 ብሎ የመለሰ ልጅ የቱ ጋ እንደሳተ አያውቅም። በካርዱ ግን እዚያው መስመር ላይ ይያዛል።

ስለዚህ የምደብቀው ውሳኔ ያለበትን መስመር ነው። x + 11 = 24 ላይ ከደረሰች በኋላ ለሚቀረው ቅንስናሽ ለብቻው ካርድ አላባክንም። በአንጻሩ ቅንፍ መፍታትንና መደመርን አንድ ጀርባ ላይ አልጨምርም። ከተሳሳተች የቱ እንዳሳታት አይለይማ።

አዲስ ዓይነት ጥያቄ ስንጀምር ደግሞ ከኋላ ነው የምንነሳው። መጀመሪያ የመጨረሻው መስመር ብቻ ይደበቃል፣ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው አሌክሳንደር ሬንክልና ባልደረቦቹ ያጠኑት አካሄድ ነው፤ እኔም በጣም ወድጄዋለሁ። ልጅ የመጀመሪያውን ውሳኔ ብቻዋን ከመወሰኗ በፊት ወዴት እንደሚያደርስ አይታዋለችና።

የምፈራው ሽምደዳን ነው። ካርዱን እንዳየች «24!» ካለች ቁጥሩን ይዛዋለች ማለት ነው። ያኔ መንትያውን አወጣለሁ፦ (x + 5)/3 − (x − 2)/4 = 3። ለምን በ12 እንዳባዛች ስጠይቃት «ሁለቱንም ታህት የሚያጠፋው ትንሹ ቁጥር እሱ ነዋ» ካለች ገብቷታል። «እንደዚያ ስለሚሠራ» ካለች ካርዱ ወደ ክምሩ ይመለሳል፣ መልሱ 10 ትክክል ቢሆንም።

ሙሉውን በራሷ መሥራት ስትችል ካርዶቹን አነሳለሁ። የምታውቀውን ደረጃ በደረጃ ማስቆም ጊዜዋን መብላት ነው። አሁን x ታህት ውስጥ የሚገባባቸውን ጀምረናል። እነዚያ አንድ ተጨማሪ ካርድ ይፈልጋሉ፦ ያገኘሽው x ታህቱን ዜሮ ያደርገዋል ወይ?