ባች ኮዱን ካየሁ በኋላ ስለ ዋጋ እናወራለን

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ኮስሞቲክስ አስመጥተው ለሚሸጡ፣ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ፣ አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

በቅርቡ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የቫይታሚን ሲ ሴረም አቀረበልኝ። 200 ፍሬ ነው፣ አንዱ በ10 ዶላር። የዚህ ምርት የተለመደ የጅምላ ዋጋ 15 ዶላር አካባቢ ነው። እንዲህ ዋጋ ሲወርድብኝ ሁለት ጥያቄ ይመጣብኛል። ፎርጅድ ነው ወይስ ኦሪጅናል ሆኖ ጊዜው እያለቀበት ነው? ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰውየውን የጠርሙሱንና የማሸጊያውን ፎቶ ጎን ለጎን አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። የምፈልገው ባች ኮዱን ነው፤ በአንድ ዙር አብረው የተመረቱ ዕቃዎች የሚጋሩትን፣ ከታች ወይም ከጎን የሚታተሙትን ጥቂት ፊደሎችና ቁጥሮች። ጠርሙሱ ላይ ያለውና ማሸጊያው ላይ ያለው መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ወሬው እዚያው ያበቃል። ከሌሎች ካርቶኖችም ፎቶ አስላኩ። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ እውነተኛ ኮድ ይገለብጥና ሁሉም ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ክሬሙም፣ ሴረሙም፣ ቶነሩም አንድ ኮድ ይዘው ከመጡ ተጠራጠሩ።

ኮዱን አስገብታችሁ የተመረተበትን ቀን የሚነግሩ ድረ ገጾች አሉ። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ግን ቀኑን እንጂ ኦሪጅናልነቱን አይነግሩም። የተገለበጠ ኮድም ትክክለኛ ቀን ያወጣል። ባርኮድም እንደዚያው ነው፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። የማምነው ሌላ ነገር ነው። ለአምራቹ ድርጅት በቀጥታ እጽፋለሁ፤ ይህ አከፋፋይ ከእናንተ ፈቃድ አለው ወይ ብዬ። ቀጥሎ ሳምፕል አስመጥቼ ከታወቀ ወኪል ከገዛሁት ጋር አስተያየዋለሁ። ጽሑፉን፣ ፓምፑን፣ ሽታውን፣ ፈሳሹ እጅ ላይ ሲወርድ ያለውን ውፍረት። ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ከሆነ ግን ዓይን አይበቃም። ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ያንን የሚያሳየው ላብራቶሪ ብቻ ነው።

የዚህ ሰውዬ ሴረም ይህን ሁሉ አለፈ። ኦሪጅናል ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት የታወቀው ኮዱ ቀን ሲያወጣ ነው። ከተመረተ 14 ወር ሆኖታል። ሳይከፈት የሚቆየው 24 ወር ነው።

እንግዲህ 10 ወር ቀርቶታል። መንገዱና ጉምሩኩ 2 ወር ቢወስድ 8 ይቀራል። ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል አለ፣ በውስጡ 3 ቁጥርና ኤም ፊደል። ከተከፈተ በ3 ወር ውስጥ ይለቅ ማለት ነው። የምሸጥላት ሴትዮ ኤክስፓየር ሳያደርግባት ጨርሳ እንድትጠቀም ከፈለግሁ፣ መሸጫዬ 5 ወር ብቻ ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ሙቅ መጋዘን ውስጥ ከሰነበተ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ቡናማ ይቀየራል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። የዕቃው ዋጋ 2,000 ዶላር። ማጓጓዣ 360፣ ኢንሹራንስ 40። ድምሩ 2,400። ቀረጥ በአብዛኛው አገር የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ ነው እንጂ በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ 20 በመቶ እንበል፣ 480 ይሆናል። ቫቱ ደግሞ ቀረጡ በተደመረበት በ2,880 ላይ ነው፤ 15 በመቶ ብንወስድ 432። ለትራንዚተርና ለመጋዘን 188 ጨምሩበት። ጠቅላላው 3,500 ዶላር። ሱቅ ሲደርስ አንዱ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ቫቱን ከመንግሥት የምታካክሱ ከሆነ ዝቅ ይላል።

በ5 ወር ውስጥ ከ200ው 140 ሸጥኩ እንበል። 60ው መጣል አለበት። 3,500ን ለ140 ስናካፍለው አንዱ 25 ዶላር ይመጣል። የ10 ዶላሩ ዕቃ ማለት ነው! በ15 ዶላር የሚገዛው አዲሱ ምርት ተመሳሳይ ወጪ ተጨምሮበት 25 ዶላር ገደማ ያደርሳል። እሱ ግን ለመሸጥ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ይሰጠኛል፤ የሚጣልም አይኖርም።

በወር ስንት እንደምትሸጡ ካላወቃችሁ ይህ ሂሳብ አይሠራም። እኔ የዚህን ሴረም ሽያጭ ስለማውቅ፣ 200 ፍሬ በ5 ወር እንደማያልቅልኝ ገባኝ። ለሰውየው 80 ብቻ እወስዳለሁ አልኩት፤ የባች ኮዱን ኢንቮይሱ ላይ ከጻፈልኝ። የተስማማንበት ዕቃ ሌላ ባች ሆኖ ቢመጣ የምከራከርበት ወረቀት እንዲኖረኝ ነው። ቁጥሩን ለመቀነስ እሺ አለ። ኮዱን ኢንቮይስ ላይ ለመጻፍ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠኝም፤ እስኪሰጠኝ ድረስ ገንዘብ አልክም።