እጅጌው እየተለጠጠ ጫፉ እምቢ ሲል

[በቅርብ፦ ሁለት እጆች የልጅ ሹራብ እጅጌ ይዘው ይስባሉ]

ይህን እጅጌ ተመልከቱልኝ። መሀሉን ስስበው ይለጠጣል። ጫፉ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሠራሁት ለእህቴ ልጅ ነው፤ 6 ዓመቱ ነው። እጁን ሲያስገባ አውራ ጣቱ ሥር ላይ ተያዘበት። የጠበበው ሹራቡ አይደለም። የጠበበው መነሻው፣ ማለትም መርፌው ላይ ያወጣሁት የመጀመሪያው የዓይን ረድፍ ነው።

መነሻውን የሠራሁት ብዙዎቻችን በለመድነው መንገድ ነው። ሎንግ ቴል ይሉታል፤ ባለ ረጅም ጭራ ማለት ነው። አንዱ ክር ዓይኖቹን ይሠራል። ሌላው፣ ጭራው፣ ከሥር ከሥር እየተቋጠረ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ጭራው ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው እሱ ስለሆነ፣ ጫፉ ከጭራው ርዝመት በላይ ሊለጠጥ አይችልም።

[በቅርብ፦ መርፌ ላይ የተጠጋጉ ዓይኖች፣ ከጎናቸው ሜትር]

በቁጥር እንየው። የልጁ አንጓ ዙሪያው 13 ሴንቲ ሜትር ነው። አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ የእጁን ሰፊ ቦታ ስንለካው ግን 17 ይሆናል። ጫፉ ማለፍ ያለበት በዚህ በ17ቱ ነው። የጀመርኩት በ36 ዓይን፣ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ነበር። ዓይኖቹን አጠጋግቼ ስለሠራኋቸው አንዱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የያዘው። ሲደመር 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚህ እጁ አያልፍም።

ብዙ ሰው ታዲያ “በወፍራም መርፌ ጀምሪው” ይላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው። ወፍራም መርፌ የሚያሰፋው ግን የዓይኑን ቁመት ነው። ከሥር ያለው ጭራ እንዳለ ይቀራል። መፍትሔው ማራራቅ ነው። መርፌውን ሳትቀይሩ፣ አዲስ ዓይን በሠራችሁ ቁጥር ጠቋሚ ጣታችሁን መርፌው ላይ አሳርፉና ቀጣዩን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። አንዱ ዓይን 5 ሚሊ ሜትር ቢይዝ 36ቱ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ስትጨርሱ ሳትስቡ መርፌው ላይ እንዳለ ለኩት። ከእጁ ዙሪያ ካነሰ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ። በዚህ ሰዓት መፍታት የሚወስደው 5 ደቂቃ ነው።

[ምስል፦ ነጭ ትርፍ ክርና ሰማያዊ የሹራብ ክር]

ሁለተኛው ቱቡላር ነው፤ እኔ የቱቦ መነሻ እለዋለሁ። ጫፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ ጭራ የለውም። ክሩ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚዞር እጅጌው በተለጠጠ ቁጥር ጫፉም አብሮ ይለጠጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ36 ዓይን ግማሹን፣ 18 ዓይን፣ በትርፍ ክር ጀምሩ። ከዚያ ወደ ሹራቡ ክር ተሻገሩና 4 ረድፍ ሥሩ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግልባጭ። አምስተኛው ረድፍ ላይ መጀመሪያ አንድ ዓይን በቀኝ ሥሩ። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ከነጩ ክር አጠገብ፣ ትንሽ ሰማያዊ ጉብታ ታያላችሁ። እሷን በመርፌ አንሱና በግልባጭ ሥሯት። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች እያላችሁ ቀጥሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጉብታ ያንሳችኋል። የዳሩን ክር ብታነሱ 36 ይሞላል። ጥቂት ረድፍ ከሠራችሁ በኋላ ነጩን ክር ቆርጣችሁ አውጡት።

እዚህ ጋ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ችግር ነው። ጫፉ በጣም ሊላላና እንደ ጥሩንባ አፍ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ረድፎች በ3.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ሥሩና ከዚያ ወደ 4 ተመለሱ። ደግሞም ይህ መነሻ እንዳለ የሚስማማው አንድ ቀኝ አንድ ግልባጭ ለሆነ እጅጌ ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ ዓይኖቹን መርፌው ላይ ማቀያየር ይጠይቃል። ለዚያ እኔ ሎንግ ቴልን አራርቄ መሥራት ይሻለኛል።

[ምስል፦ በኪሮሽ የተሠራ ሰንሰለት ሲተረተር]

ፕሮቪዥናል፣ ጊዜያዊው መነሻ፣ ከሁለቱ ይለያል። እሱ ጫፍ አይደለም። ዓይኖቹን በኪሮሽ ሰንሰለት ላይ ያስቀምጥላችኋል። በኋላ ሰንሰለቱን ተርትራችሁ ዓይኖቹን መርፌ ላይ ትመልሱና ጫፉን ወደ ታች ትሠራላችሁ። ሰንሰለቱ የሚተረተረው ከጨረሳችሁበት ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ። መለጠጡን የሚወስነው እንግዲህ መነሻው ሳይሆን አዘጋጉ ነው። ጥብቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ያው ችግር ይመለሳል። የእጅጌውን ርዝመት ገና ካላወቃችሁ ግን የምመርጠው እሱን ነው።

[በቅርብ፦ አዲሱ እጅጌ፣ የልጅ እጅ ሲገባበት]

የእህቴ ልጅ ክንድ ርዝመቱ ይታወቃል፤ እጅጌውም አንድ ቀኝ አንድ ግልባጭ ነው። ስለዚህ በቱቦው መነሻ እንደገና ጀመርኩለት። ጫፉ ሳይለጠጥ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስስበው ከ20 ያልፋል። እጁን ሲያወጣም ወዲያው ወደ አንጓው ይሰበሰባል።