ሻይህ 60 ዲግሪ የሚደርሰው መቼ ነው?

ሰላም፦ ዛሬ ጉዳያችን የትኩስ ሻይ አቀዛቀዝ ነው። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር ለካሁት። የቤቱ አየር 20 ዲግሪ ነበር። ሻዩ ከተቀዳ አንድ ደቂቃ ሲሆነው 84።

ዳዊት፦ ለምን ከተቀዳ በኋላ ጠበቅሽ?

ሰላም፦ በመጀመሪያው ደቂቃ ሙቀቱን የሚወስደው ብርጭቆው ነው። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ስለሆነ ቶሎ ይስብበታል። ያ ከአየሩ ጋር አይገናኝም። ሰዓቴን የጀመርኩት ብርጭቆው ከሞቀ በኋላ ነው።

ዳዊት፦ እዚህ ከተማ ደግሞ ውሃው ራሱ ከ100 ዲግሪ አይነሳም። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። እና ከ5 ደቂቃ በኋላ ስንት ሆነ?

ሰላም፦ 68። በ5 ደቂቃ 16 ዲግሪ ወረደ። የፈለግኩት 60 ሲደርስ ለመጠጣት ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ስለዚህ 60 ደህና ነው ብዬ ነው።

ዳዊት፦ ብዙ ሰው እዚህ ጋ በቀጥታ ያካፍላል። 16 ዲግሪ በ5 ደቂቃ ከሆነ፣ 24 ዲግሪ በ7 ደቂቃ ተኩል ይላል።

ሰላም፦ እሱ ነው የሚያሳስተው። ሻይ በየደቂቃው እኩል ዲግሪ አይወርድም። ከአየሩ ጋር ያለው ልዩነት ሲጠብ አወራረዱም ይቀንሳል። ይህን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ስሙን ሳይጽፍ ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ መያዝ ያለብህ የሻዩን ሙቀት ሳይሆን ልዩነቱን ነው። መጀመሪያ 84 ሲቀነስ 20፣ 64 ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ 68 ሲቀነስ 20፣ 48።

ዳዊት፦ 48 ለ64 ሲካፈል 0.75።

ሰላም፦ አዎ። በየ5 ደቂቃው ከልዩነቱ ሦስት አራተኛው ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ከሄድን በ10ኛው ደቂቃ ልዩነቱ 36 ይሆናል፤ ሻዩ 56። በ15ኛው 27፤ ሻዩ 47።

ዳዊት፦ እና 60 በመሃል ነው። እንዴት ይገኛል?

ሰላም፦ 60 ላይ ልዩነቱ 40 ነው። ስልክህ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አግድም አዙረው፣ የ`ln` ቁልፍ ይወጣል። ከዚያ ይህን አስገባ፦

```
5 × ln(40÷64) ÷ ln(48÷64)
```

ዳዊት፦ 8.17። ስምንት ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ግን ከቀጥታው ስሌት የሚለየው በ40 ሰከንድ ብቻ ነው!

ሰላም፦ ለ60 አዎ። ግን ሻዩን ለሕፃን ልታቀዘቅዝ ፈለግክ እንበል፣ 40 ዲግሪ። በቀጥታው 13 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይላል። በልዩነቱ ስትሄድ ግን ከ64 ወደ 20 መውረድ አለብህ፣ ያ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ዒላማህ ወደ ቤቱ ሙቀት በቀረበ ቁጥር ስህተቱ ያድጋል። ዒላማው ራሱ 20 ከሆነማ ቀመሩ ማለቂያ የለውም።

ዳዊት፦ በ10ኛው ደቂቃ በእርግጥ 56 ሆነ?

ሰላም፦ 57 ነው ያነበብኩት። ይቺ አንድ ዲግሪ ነገር አላት። ሻይ በጣም ትኩስ ሲሆን በትነትም ብዙ ሙቀት ያጣል። ትነቱ ደግሞ ከልዩነቱ ጋር በእኩል አይቀንስም፣ ሻዩ ሲበርድ በፍጥነት ይደክማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ ያገኘነው 0.75 ለኋለኛው ትንሽ ያንሳል። ሁለተኛውን 5 ደቂቃ ብቻ ብትወስድ ልዩነቱ ከ48 ወደ 37 ነው የወረደው፣ 0.77።

ዳዊት፦ በዚያ ብናሰላስ?

ሰላም፦ 60 የሚደርሰው ስምንት ደቂቃ ተኩል ላይ ይሆናል። 40 ደግሞ ወደ 22 ደቂቃ ይጠጋል። እና ሁሌም የምመክረው፣ ሁለት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ለኩ። ሁለቱ ሬሾዎች ከተቀራረቡ ስሌቱ ይታመናል። ካልተቀራረቡ ወይ ትነቱ ነው፣ ወይ የቤቱን ሙቀት በግምት አስገብታችኋል። ብርጭቆውን በማስቀመጫው ከከደናችሁት ትነቱ ይቀንሳል፣ ሬሾዎቹም ይበልጥ ይመሳሰላሉ።

ዳዊት፦ በረንዳ ላይ ብንቀመጥስ? ነፋስ ሲመጣ?

ሰላም፦ ያኔ 0.75 የሚለው ቁጥር ራሱ ይለወጣል። ከነፋሱ ጋር ሙቀቱ ቶሎ ይሄዳል፣ ነፋሱ ሲቆም ይዘገያል። ውስጥ የተለካውን ቁጥር ውጪ አትጠቀሙበት፣ እዚያው እንደገና ለኩ። ብርጭቆውን ወደ ሲኒ ብትቀይሩም እንደዚሁ ነው።