ኤክስ-ዊንግ፣ ስዎርድፊሽና ያልተቆጠረችው ቤት

ጥያቄ፦ በሱዶኩ ኤክስ-ዊንግ ከአምድ ተነስቶም ይሠራል?

ይሠራል። ኤክስ-ዊንግ ማለት አንድ ዕጩ፣ ማለትም በቤቱ ሊገባ የሚችል ቁጥር፣ በሁለት ረድፎች ውስጥ በተመሳሳይ ሁለት አምዶች ላይ ብቻ ሲገኝ ከሁለቱ አምዶች ሌሎች ቤቶች የሚሰረዝበት ዘዴ ነው። ከአምድ ሲነሱ ደግሞ የሚሰረዘው ከረድፎቹ ነው።

ጥያቄ፦ ለስዎርድፊሽ በሦስቱም ረድፍ ሦስት ሦስት ዕጩ መኖር አለበት? ዘጠኙም ቤት የሞላበት አጋጥሞኝ አያውቅም።

የለበትም። ስዎርድፊሽ ያው ዘዴ በሦስት ረድፍና በሦስት አምድ ሲሠራ ነው። በየረድፉ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ ሁሉም በሦስት አምዶች ብቻ መጠቃለል አለባቸው። 4 በ1ኛው ረድፍ 2ኛና 5ኛ አምድ፣ በ5ኛው ረድፍ 5ኛና 9ኛ፣ በ8ኛው ረድፍ 2ኛና 9ኛ ላይ ብቻ ቢኖር ሦስቱ ረድፎች የሦስቱን አምዶች 4 ይጨርሱታል። ስለዚህ በእነዚያ አምዶች ከሌሎቹ ስድስት ረድፎች 4ን ይሰርዙ። “ብቻ” ያልኩትን ግን ልብ ይበሉ፤ ረድፉን እስከ ዳር ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ 7 በ2ኛው ረድፍም በ6ኛው ረድፍም 3ኛና 8ኛ አምድ ላይ ነበር። አራት ማዕዘኑ ጥርት ብሎ ስለታየኝ ከሁለቱ አምዶች ሌላውን 7 ሁሉ ሰረዝኩ። ኋላ ላይ 3ኛው አምድ ለ7 ቦታ አጣ። ምን አጠፋሁ?

የ6ኛውን ረድፍ ዕጩዎች ሲያነቡልኝ 9ኛው አምድ ላይም 7 አለች። ወንድሜ፣ ይሄንን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! አራት ማዕዘን ማየት ማስረጃ አይደለም። ኤክስ-ዊንግ የሚቆመው በሁለቱም ረድፍ ከእነዚያ ሁለት ቤቶች ሌላ ለ7 ማረፊያ ከሌለ ብቻ ነው። እዚህ ግን 7 በ2ኛው ረድፍ 8ኛው አምድ፣ በ6ኛው ረድፍ ደግሞ 9ኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ የ3ኛው አምድ 7 ከሰረዟቸው ቤቶች አንዱ ነበር። ስህተቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ቤት ከሞሉ በኋላ ነው አንድ አምድ ባዶውን የሚቀረው።

ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ትርፏ ቤት “ክንፍ” ትባላለች። ክንፏ 7 ካልሆነች ኤክስ-ዊንጉ እውነት ነው፤ 8ኛው አምድ ይጸዳል። 7 ከሆነች ደግሞ በራሷ ባለ ዘጠኝ ቤት ሳጥን ውስጥ ሌላ 7 አይኖርም። በሁለቱም መንገድ የሚወድቁት ከክንፏ ጋር በአንድ ሳጥን ያሉት የ8ኛው አምድ ቤቶች፣ ማለትም 4ኛውና 5ኛው ረድፍ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። 3ኛውን አምድ አይንኩ። ላጲሱን ከማንሳትዎ በፊት ረድፉን እስከ ዳር ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ቆጥሬም ይጋጭብኛል። እንቆቅልሹ ሁለት መልስ ስላለው ይሆን?

አይደለም። ሁለት መልስ ቢኖረውም በትክክል የተሠራ ኤክስ-ዊንግ አያጋጭም። ወይ ቀደም ብለው አንድ ዕጩ ሳይጽፉ አልፈዋል፣ ወይ ሰንጠረዡ ሲታተም ተሳስቷል። ከተሰጡት ቁጥሮች ብቻ ተነስተው ዕጩዎቹን እንደገና ይጻፉ። ያም ካልሠራ ልምድ ላለው ፈቺ ያሳዩት ወይም ሱዶኩ በሚፈታ ፕሮግራም ያስፈትሹት።