እማዬ ቡና አልጠጣም ያለች ቀን

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ማይኩም ያው የዕቁቡ ማይክ ነው፤ ድምፁ ይጮሃል እያላችሁ መልእክት መላክ ተዉ፣ ለውጬው አላውቅም። ስለ እማዬ የብድር ቡድን ላወራ ነው። ባለፈው ቀልጄበት አልፌ ነበር። ግን ከውስጤ አልወጣልኝም።

አምስቱን ታውቋቸዋላችሁ። እማዬ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰዋ፣ ቆጮ ነጋዴዋ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋ፣ እና ሳልባጅ የምትሸጠዋ አምስተኛዋ። አንዳቸውም የቤት ካርታ የላቸውም። ደመወዝተኛ ዋስም አላገኙም። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ዋስ ሆኑ። እያንዳንዳቸው 18,000 ብር ወሰዱ። ወለዱ 2,160 ብር ነው። በ12 ወር ሲካፈል በወር 1,680 ይመጣል። አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይሸፍናሉ። ካልሸፈኑ የማንም ቁጠባ አይለቀቅም፣ ለሚቀጥለውም ዙር ማንም አይበደርም።

ነገሩ ሞኝነት አይደለም። የብድር ባለሙያው ቢሮ ተቀምጦ ማን ጠንካራ ነጋዴ እንደሆነች፣ ማን ከሰው ተበድራ እንደምትጠፋ ከየት ያውቃል? እነሱ ግን ያውቃሉ። ስለዚህ መምረጡን ለእነሱ ይተውላቸዋል። የማትታመን ሴት አብራቸው እንድትፈርም ማን ይፈቅዳል? ከዚያ ብሩ ከወጣ በኋላ መጠበቁም የእነሱ ነው። ብሩ ዕቃ ተገዛበት ወይስ ሠርግ ተደገሰበት፣ በየቀኑ ያያሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መጠየቁ አለ። ባለሙያው ቢጮህ ቢጮህ ሄዶ ቤቱ ይገባል። ጎረቤት ግን የትም አይሄድም። እንግዲህ መያዣው ይሄ ነው፦ መተዋወቅ።

ባንግላዴሽ ውስጥ ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር የጀመረው ብድር ነው ግራሚን ባንክ የሆነው። እዚያም ቡድኑ አምስት ሰው ነበር። ግን አንድ ብልሃት ነበራቸው። መጀመሪያ ለሁለት ሰው ብቻ ያበድራሉ። ሁለቱ በደንብ ሲከፍሉ ሌሎቹ ሁለት ያገኛሉ። የቡድኑ መሪ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ችግር ካለ ገና በትንሽ ብር ይታያል። የእማዬ ቡድን ግን አምስቱም በአንድ ቀን ፈርመው በአንድ ቀን ወሰዱ። ያን ቀን ዓሣ በልተናል፣ አልዋሽም።

አሁን አምስተኛዋ። ማንም አልመረጣትም። አራቱ ተስማሙ፣ ቡድኑ አምስት መሆን አለበት ተባለ፣ ቲማቲም ሻጯ «አንዲት አለች» አለች፣ አለቀ። ቁጥር ማሟያ ናት። ያ ሁሉ መተዋወቅ፣ ያ ሁሉ መምረጥ ያልኳችሁ ነገር እዚያች ላይ ተበጠሰ።

ሦስት ወር ከፈለች። በአራተኛው ቀረች። አራቱ 420፣ 420 ብር ጨምረው ሸፈኑ። ይቻላል። በአምስተኛውም ቀረች። እንደገና 420። ያኔ ነው ዓሣ ጠባሿ «እኔ ለሷ ነው እንዴ የምጠብሰው?» ያለችው።

ይሄን ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አንዷ ስትቀር እያንዳንዳቸው 2,100 ይከፍላሉ። ዓሣ ጠባሿም ከተወች ሦስቱ 2,800 ይደርስባቸዋል። አንዷ ብትጨመርበት ሁለቱ 4,200። አያችሁ አካሄዱን? ሰው ሲቀነስ የቀሩት ሸክም በእኩል አይጨምርም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ላይ ጎበዟም ከፋይ «ለሚቀጥለው ዙር ብድር ብዬ ይሄን ሁሉ ከምገፈግፍ የራሴንም ልተወው» ትላለች። እና እሷ ሰነፍ አይደለችም። ለብቻዋ ብትበደር ኖሮ ትከፍል ነበር። ቡድኑ ነው ያስቆማት። ዋስትናው ሰውን እንዲከፍል የሚያደርገውን ያህል እንዳይከፍልም ያደርጋል።

ደግሞ ጎርፍ ገበያውን ቢያጥበው፣ ወይም ገበያው ቢዘጋ፣ አምስቱም እዚያው አካባቢ ነው የሚነግዱት። ሁሉም አንድ ቀን ላይ ይወድቃሉ። ያኔ ማን ለማን ይሸፍናል?

ወደ አምስተኛዋ ቤት የሄድን ቀን። እኔ የሄድኩት እማዬን በባጃጅ ላደርስ ብዬ ነው። አራቱ ገቡ። አምስተኛዋ ስታያቸው አልደነገጠችም። ረከቦቱ ወጥቷል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። የሚመጡ መሆናቸውን ሰምታለች ማለት ነው። «ግቡ፣ እናንተ ደግሞ እንዲህ ትጠፋላችሁ?» እያለች። ሁሉም ተቀመጡ። ስለ ብሩ ማንም አላነሳም። ስለ ዝናቡ ነው ያወሩት፣ ስለ ዝናቡ! አቦሉ ተቀዳ። ለእማዬ ሲቀርብላት እጇን አልዘረጋችም። «እኔ ቡና አልጠጣም» አለች።

እማዬን ታውቋታላችሁ። ሦስቱንም ሳትጠጣ ከቤት የማትወጣ ሴትዮ ናት። አምስተኛዋ ስኒውን ይዛ ቆመች። አንድ ጊዜ «ጠጪ እንጂ» አለች። ሁለተኛ አላለችም። እና ማንም ስለ ብር ሳያነሳ ተናገረች። ታናሽ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው፣ ለደላላ ቸኩለው ብር ሲፈልጉ የብድሩን ሰጠች። ሳልባጅ የሚባል ነገር ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የለም።

ምልክቱ እኮ ነበረ። የብድሩ ስብሰባ ላይ ሌሎቹ ስለ ዕቃ ዋጋ ሲያማርሩ እሷ ዝም ነበር የምትለው። የሚነግድ ሰው ስለ ዋጋ ሳያማርር ይውላል? አንድ ሰው ብድሩን ለሌላ ሲያስተላልፍ የሚታየው በዚህ ነው፤ የሚከፍለው ከሱቁ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው።

ግን የሚከነክነኝ እሱ አይደለም። ስኒው ነው። ባለሙያው ያን ቀን አልነበረም። ፊርማም አልነበረም። እማዬ ያደረገችው ሕግ ውስጥ የለም፣ ግን ሠራ። በማግስቱ ሴትዮዋ ቴሌቪዥኗን ሸጣ ብር አመጣች። ሁለቱን ወር ሸፈነ። ታዲያ እማዬ ልክ ናት? ልክ ናት መሰለኝ። አይ፣ አላውቅም። ሴትዮዋ አሁን እኛ ሰፈር አታልፍም። በሌላ በኩል ይዞራል አሉ መንገዷ። ዕድሩ ላይ እንኳን አትቆምም።

ዕቁባችንም እኮ እንዲሁ ነው ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ያወጣ ሰው ዋስ ይጠራል፣ እሱ ከጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ግን ዕቁብ ላይ ዳኛውም አባላቱም ብሩ የራሳቸው ነው። እዚህ ግን ብሩ የሌላ ነው። ብሩን የማስመለስ ሥራ ግን የእማዬ ሆነ፣ ያለ ደመወዝ።

ፊሊፒንስ ውስጥ ዣቪየ ጂኔ እና ዲን ካርላን የሚባሉ ሰዎች ሞክረውት ነበር። ሌይቴ ደሴት ላይ አንድ ባንክ የቡድን ዋስትናን አነሳና ሁሉም ለየራሱ ተጠያቂ ሆነ፤ ስብሰባው ግን እንዳለ ቀጠለ። የማይከፍል ሰው አልጨመረም። ግን መጀመሪያውኑ ሰዎቹ የተመረጡት በቡድን ዋስትና ነው፣ ስለዚህ ... ይሄን ለእማዬ ስነግራት «እና ስብሰባ ብቻ ይበቃል ማለት ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እሷም ምን እንደምትል አጣችና ሽንኩርት መላጥ ቀጠለች።

አሁን ብድሩ አልቋል። ለሚቀጥለው ዙር አራት ናቸው፣ አምስተኛ ይፈለጋል፣ ዓሣ ጠባሿ ደግሞ ማንንም አልቀበልም ብላለች። እማዬ ለብቻዋ መበደር ትችላለች ተባለ፤ ካርታ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ ካመጣች። ደመወዝተኛ ማን አለ? እኔ። ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አምጪልኝ ብላኛለች። ልጇ ነኝ፣ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ግን ያን ስኒ አይቻለሁ እኮ። እኔ ብቀር ማን ነው ቤቴ የሚመጣው? እማዬ ናት ወይስ ... ደግሞ ወንድሜ ይሄን ሰምቶ ለሱም ፈርሚልኝ ካለ፣ በቃ፣ እሱን ሌላ ቀን እንጫወተዋለን።