የውክልና ድምፅ በቃለ ጉባኤ፦ ቅጹ እንዴት ተጣራ? ድምፁስ እንዴት ተመዘገበ?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የውክልና ቅጾች፣ አጠገባቸው የተከፈተ መዝገብ]

ተራኪ፦ ቃለ ጉባኤ ላይ «25 አባላት በውክልና ተገኝተዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሰፍሮ ብዙ ጊዜ እናያለን። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ አባል መጥቶ «የእኔ ውክልና ለምን ተጣለ?» ሲል ግን ያ መስመር መልስ የለውም። በዚህ ቪዲዮ አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይዘን፣ ቅጾቹ ከደረሱበት ሰዓት ጀምሮ ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ምን እንደሚጻፍ እናያለን። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው፤ በእናንተ ማኅበር የሚገዛችሁ የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብና የአገራችሁ ሕግ ነው።

[በስክሪን ላይ፦ ድምፅ ያላቸው አባላት 180 / ምልዓተ ጉባኤ 60]

ማኅበሩ ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው 180 አባላት አሉት። ደንቡ ለምልዓተ ጉባኤ ሲሶውን፣ ማለትም 60 አባላት ይጠይቃል፤ በውክልና የተገኙትም ይቆጠራሉ። አንድ ተወካይ ከ3 በላይ ውክልና መያዝ አይችልም። ቅጹ ከስብሰባው 48 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ገደቡ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ይህን ስሌት በጥሪ ደብዳቤው ላይ በቀንና በሰዓት ጻፉት። «ከሁለት ቀን በፊት» ብቻ ካላችሁ፣ አንዱ ሐሙስ ማታን፣ ሌላው ረቡዕን ይረዳል።

[ምስል፦ በመዝገቡ ላይ የሚጽፍ እጅ]

ቅጽ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚደረገው ማጣራት ሳይሆን መመዝገብ ነው። ቅጹ ላይ ተራ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ ያው ቁጥር በውክልና መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ልክ ያልሆነ የሚመስለውም ቅጽ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥር ሳይሰጠው የተመለሰ ቅጽ እንዳልመጣ ይቆጠራልና፣ ኋላ «አስገብቻለሁ» ለሚል አባል ማስረጃ የለም። አንድ መስመር ቀረብ አድርገን እንየው።

[በስክሪን ላይ፦ ተራ ቁጥር 17። የደረሰው፦ ማክሰኞ 8፡40፣ በእጅ። የወካይ አባልነት ቁጥር፦ 0112። ተወካይ፦ አባል ቁጥር 0046። አጀንዳ 4፦ «እደግፋለሁ»። ሌሎች አጀንዳዎች፦ ለተወካዩ የተተወ። ማጣራት፦ ተቀባይነት አግኝቷል። የሁለት አጣሪዎች አጭር ፊርማ]

ቅጹ በኢሜይል ከመጣ መልእክቱ ራሱ ከነሰዓቱ ታትሞ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። የድርጅት አባል ከሆነ ደግሞ የፈረመው ሰው ድርጅቱን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ደብዳቤ አብሮ ይቀመጣል።

ማጣራቱን ሁለት ሰዎች ይሠሩታል፤ በአጀንዳው ላይ ለምርጫ የቀረበ ሰው ከሁለቱ አንዱ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንመክረው ነገር አለ። አጣሪዎቹ የቅጹን የድምፅ ክፍል አጥፈው፣ ወካዩ ምን እንደመረጠ ሳያዩ ትክክለኛነቱን ይወስኑ። «ይደግፋል» ወይም «ይቃወማል» የሚለውን ካዩ በኋላ የጣሉት ቅጽ፣ የጣሉበት ምክንያት ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ጥርጣሬ አያጣውም። የድምፅ ክፍሉን መዝገብ ላይ የሚሞሉት ውሳኔያቸውን ፈርመው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የሚመለከቱትም ይህን ነው፦ ወካዩ የአባላት መዝገቡ ለስብሰባው በተዘጋበት ቀን ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው? ፊርማው በአባልነት ማመልከቻው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል? ቅጹ ይህንን ስብሰባ በቀን ይጠቅሳል? ተወካዩ በስም ተጽፏል? ደንቡ ተወካይ ራሱ አባል ይሁን ካለስ፣ አባል ነው? ከ3 በላይ አልያዘም? በሰዓቱ ደርሷል? ከዚያው አባል ሌላ ቅጽ አለ?

ፊርማ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወይም ሲታመም ፊርማው ይለወጣል፤ ስለዚህ አለመመሳሰል ብቻውን ቅጽ መጣያ አይደለም። በማኅበሩ መዝገብ ባለው ስልክ ወደ ወካዩ ይደወላል። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስልክ ለዚህ አይሆንም፤ ቅጹን ሌላ ሰው ሞልቶት ከሆነ ስልኩም የዚያው ሰው ነው። ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደተባለ በመዝገቡ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራል።

የድምፅ ክፍሉ ላይ የሚገኝ ስህተት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወካዩ በአንድ አጀንዳ «እደግፋለሁ» እና «እቃወማለሁ» ሁለቱ ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ደንቡ ሌላ ካላለ የሚበላሸው የዚያ አጀንዳ ድምፅ ብቻ ነው። ውክልናው ለምልዓተ ጉባኤና ለሌሎቹ አጀንዳዎች ይሠራል። ሙሉውን ቅጽ መጣል በብዛት የምናየው ስህተት ነው።

[በስክሪን ላይ፦ የደረሱ 34 / ውድቅ 4 / ተቀባይነት ያገኙ 30]

በምሳሌያችን 34 ቅጾች ደረሱ። ተራ ቁጥር 9 ፊርማ የለውም። የደረሰው ሰኞ ስለነበር ጸሐፊው በዕለቱ ደውለው አስታወቁ፤ እስከ ሐሙስ ተፈርሞ ባለመምጣቱ ወደቀ። ቁጥር 12ን ያስገቡት አባል ቀኑ የኋላ የሆነ ሌላ ቅጽ፣ ቁጥር 27ን፣ ስለላኩ የመጀመሪያው ተተካ። የቁጥር 21 ወካይ የአባላት መዝገቡ በተዘጋበት ቀን ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም። ቁጥር 34 ሐሙስ 4፡20 ደረሰ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ዘግይቶ። አራቱም ውድቅ ሆነው 30 ቀሩ።

[ምስል፦ የስብሰባው አዳራሽ መግቢያ፣ የመመዝገቢያ ጠረጴዛ]

ቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩ እንደገና ይለወጣል። ውክልና የሰጡ 2 አባላት ራሳቸው መጡ። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ስማቸው ከውክልና መዝገቡ ጋር ባይመሳከር ኖሮ አንዴ በራሳቸው፣ አንዴ በተወካያቸው ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ ነበር። በአካል ድምፅ እንደሚሰጡ መዝገቡ ላይ ፈረሙ፤ ውክልናቸው ተነሣ፤ ለተወካዮቹም ተነገራቸው። 3 ውክልና የያዙ አንድ ተወካይ ደግሞ ሳይመጡ ቀሩ። ምትክ ተወካይ በቅጾቹ ላይ አልተጻፈም፤ እነዚያ 3ቱም አይቆጠሩም። ስለዚህ 30 ሲቀነስ 2፣ ሲቀነስ 3፣ 25 ይሆናል።

በአካል የተገኙት 58 ናቸው። ያለ ውክልና ምልዓተ ጉባኤው በ2 ሰው ይጎድል ነበር፤ ከ25ቱ ጋር 83 ሆኖ ተሟላ። ለዚህ ነው ቃለ ጉባኤው የውክልናውን ማጣራት ከመክፈቻው በፊት እንጂ መጨረሻ ላይ የማያሰፍረው። እንዲህ ይጻፋል፦

[በስክሪን ላይ ጽሑፉ ቀስ ብሎ ይወጣል]

«ጸሐፊው 34 የውክልና ቅጾች መድረሳቸውንና በሁለት አጣሪዎች መመርመራቸውን አስታውቀዋል። 30ው ተቀባይነት አግኝተዋል። ተራ ቁጥር 9 ባለመፈረሙ፣ ቁጥር 12 በቁጥር 27 በመተካቱ፣ ቁጥር 21 ወካዩ ድምፅ የመስጠት መብት ስላልነበራቸው፣ ቁጥር 34 ከጊዜ ገደቡ በኋላ በመድረሱ ውድቅ ሆነዋል። ከተቀበሉት ውስጥ 2 ወካዮች በአካል በመገኘታቸው፣ የ3 ወካዮች ተወካይ ባለመቅረባቸው፣ 25 ውክልናዎች ተቆጥረዋል። በአካል ከተገኙት 58 ጋር 83 አባላት በመወከላቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።»

የወካዮቹ ስም በአባሪ ዝርዝር ይያያዛል እንጂ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አይዘረዘርም።

[ምስል፦ ነጭና ቢጫ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች]

አጀንዳ 4 ደንብ ማሻሻል ነው። የሚያልፈው ከተሰጠው ድምፅ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሲደግፈው ነው። እጅ በማውጣት አይሆንም፤ 3 ውክልና የያዘ ሰው የሚያወጣው አንድ እጅ ነው። ለራስ ድምፅ ነጭ፣ ለውክልና ቢጫ ወረቀት ይታደላል፤ ቢጫው ላይ የመዝገቡ ተራ ቁጥር ይጻፋል። ድምፁ ምስጢራዊ ከሆነ ግን ቁጥር መጻፍ አይቻልም። አንዱ መፍትሔ፣ ወካዩ ምርጫውን በቅጹ ላይ የወሰነበትን ድምፅ አጣሪዎቹ ራሳቸው ከቅጹ ገልብጠው ወደ ሳጥኑ እንዲከቱት፣ ተወካዩ ምርጫው ለእሱ የተተወለትን ብቻ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

የአጀንዳ 4 ድምፅ ግልጽ ነበር። ቢጫዎቹ ሲሰበሰቡ አጣሪዎቹ አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ቁጥር 17 ቀደም ብለን ያየነው ነው፤ ቅጹ «እደግፋለሁ» ይላል፣ ቢጫው ወረቀት ላይ ግን «እቃወማለሁ» ተብሏል። ተወካዩ ተጠየቁ፤ የራሳቸውን ምርጫ በተሳሳተ ወረቀት ላይ ሞልተው ነበር። ድምፅ መስጠቱ ሳይዘጋ አርመው ፈረሙበት፤ እርማቱም በመዝገቡ ላይ ሰፈረ።

[በስክሪን ላይ፦ በአካል 36 ድጋፍ፣ 20 ተቃውሞ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ / በውክልና 18፣ 6፣ 1 / ድምር 54፣ 26፣ 3]

ድምሩ 54 ድጋፍ፣ 26 ተቃውሞ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ ሆነ። በዚህ ማኅበር ደንብ ድምፀ ተአቅቦ እንደተሰጠ ድምፅ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የሚሰላው ከ80 ነው። የ80 ሁለት ሦስተኛ 53.33 ስለሆነ 54 ያስፈልጋል፤ ልክ 54 ተገኘ። የቁጥር 17 ስህተት ሳይታረም ቢቀር ድጋፉ 53 ይሆንና ማሻሻያው ወድቋል ተብሎ ይነገር ነበር። ደንቡ «ከተሰጠው ድምፅ» በማለት ፈንታ «ከተገኙት አባላት» ቢል ደግሞ ስሌቱ ከ83 ሆኖ 56 ይጠየቅና ማሻሻያው ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ሰብሳቢው ውጤቱን ሲናገሩ የደንቡን አንቀጽ ቃል በቃል ያነባሉ፤ ቃለ ጉባኤውም ሦስቱንም ቁጥሮች፣ በአካልና በውክልና ለይቶ፣ ከስሌቱ ጋር ያሰፍራል። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ማለት ብቻ አይበቃም።

ውድቅ ወደሆኑት ቅጾች እንመለስ። ተራ ቁጥር 9 እና 34 ሁለቱም «እቃወማለሁ» የሚሉ ነበሩ እንበል። ተቀባይነት አግኝተው ቢሆን ተቃውሞው 28፣ የተሰጠው ድምፅ 82፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ 55 ይሆን ነበር፤ 54ቱ አይበቁም። የእነዚህ ወካዮች አቤቱታ ሲመጣ ጉዳዩን የሚወስነው መዝገቡ ላይ ያለው የሐሙስ 4፡20 ማስታወሻና የሰኞው የስልክ ጥሪ ነው።

አጀንዳው በስብሰባው ላይ ከተሻሻለስ? ወካዩ «እደግፋለሁ» ያለው በጥሪው ላይ የነበረውን ሐሳብ ነው። ለውጡ የፊደል እርማት ከሆነ መመሪያው ይቀጥላል። ፍሬ ነገሩ ከተለወጠ ግን መመሪያው የማይሸፍነው ሊሆን ይችላል፤ ሰብሳቢው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ ይናገራሉ፤ ጸሐፊውም በዚያው ቦታ ይጽፉታል።

[ምስል፦ ታሽጎ የተፈረመበት ፖስታ]

ስብሰባው ሲያበቃ ቅጾቹ፣ ውድቅ የሆኑትም ጭምር፣ ከመዝገቡና ከድምፅ ወረቀቶቹ ጋር በአንድ ፖስታ ታሽገው ሁለቱ አጣሪዎች በእሽጉ ላይ ይፈርማሉ። ፖስታው ደንቡ ለመቃወሚያ የሰጠው ጊዜ እስኪያልፍ፣ የቀረበ ክርክር ካለም እስኪቋጭ ድረስ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ማን፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደከፈተው ተጽፎ ውስጡ ይጨመራል።